የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ጋዜጣውና ቤት የሚወሰደው ፈተና

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ለንደን ውስጥ በወር አንድ ጊዜ የሚወጣ፣ 800 ቅጂ የሚታተም የአማርኛ ጋዜጣ አለ። አቶ ሀ በዚያው ከተማ ያለ እድር ሊቀ መንበርና የአንድ ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። እድሩ በሰው አገር ያረፈ ወገን አስከሬኑ ወደ አገር ቤት የሚሸኝበትን ገንዘብ ያሰባስባል። የጋዜጣው ዘጋቢ፣ አቶ ሀ ከእድሩ ሒሳብ 12 ሺህ ፓውንድ አውጥተው የምግብ ቤታቸውን ኪራይ ከፍለውበታል የሚል ዜና ጻፈች። በእጇ ያለው የሁለት ኮሚቴ አባላት ቃልና የአንድ የባንክ ሒሳብ መግለጫ ፎቶ ኮፒ ነው። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት በሚገባበት ዋዜማ ማታ አንድ ጊዜ ደወለችላቸው፤ ስልኩ አልተነሣም። ዜናው በወረቀትም በድረ ገጽም ወጣ። ከአራት ወር በኋላ የበጎ አድራጎት ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ ገንዘቡ አቶ ሀ ቀደም ሲል ለእድሩ ያበደሩት እንደነበረና የተመለሰላቸውም በደንቡ መሠረት እንደሆነ አረጋገጠ። ጋዜጣው ዜናውን ከድረ ገጹ አላወረደም፤ ማስተካከያም አልጨመረበትም። አቶ ሀ በስም ማጥፋት ቢከሱ ይረታሉ? ሕግና ፍርድ እየጠቀሳችሁ መልሱ።»

ጥያቄውን የሠራሁት ለዚህ ጽሑፍ ነው። የአወጣጡ ልማድ ግን የእንግሊዝ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነው። ተማሪው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ መጽሐፉን፣ ደብተሩንና የፍርድ ቤቶችን ድረ ገጽ ከፍቶ በተሰጡት ቀናት ውስጥ ይመልሳል። ኢትዮጵያን ትቼ እንግሊዝን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። በሰው መልካም ስምና በፕሬስ ነፃነት መካከል ያለውን ሚዛን እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት አንድ አዋጅ ውስጥ አንቀጽ በአንቀጽ አስቀምጠውታል። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ያንን አዋጅ ካፍታቱት ፍርዶች ዋነኛው ለንደን ውስጥ ለስደተኞች ከሚታተም ትንሽ ጋዜጣ የመጣ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፍ የተከፈተበት ፈተና ቀላል ይመስላል። አራሚው ግን ፍርዱን ማግኘትህን አይደለም የሚያየው፤ ሁሉም አግኝቶታል። የሚያየው ያገኘኸው ፍርድ ደረጃው ምን እንደሆነ፣ ዛሬም በሥራ ላይ መሆኑንና ስለ ምን ጉዳይ እንደተናገረ ማወቅህን ነው። ደካማው መልስ ገና ከጅምሩ ያስታውቃል። ፕሬስ ለዴሞክራሲ ስላለው ጥቅም ሁለት ገጽ ይሄዳል፤ ከዚያ ሃያ የፍርድ ስሞችን ያሰልፋል፤ አቶ ሀ የሚመጡት መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ጥሩው መልስ ከአቶ ሀ ይጀምራል፤ ፍርዱን የሚጠራውም የእሳቸው ነገር ሲጠይቅ ብቻ ነው።

የአቶ ሀ የመጀመሪያ ጣጣ ጉዳታቸውን ማስረዳት ነው። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ በጽሑፍ የተሰደበ ሰው ጉዳት እንደደረሰበት ይገመትለት ነበር፤ ማስረጃ አይጠየቅም። የ2013ቱ አዋጅ አንቀጽ 1 ይህን ለወጠው። አንድ ንግግር ወይም ጽሑፍ ስም አጥፊ የሚባለው በከሳሹ መልካም ስም ላይ ከባድ ጉዳት ካደረሰ ወይም ሊያደርስ የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። ይህ ማለት ቃሉ በባሕርዩ ከባድ መሆኑ ይበቃል ማለት ነው ወይስ ጉዳቱ በእርግጥ መድረሱ መታየት አለበት? ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2019 በላሾ መዝገብ ተቋጨ። ሎርድ ሰምፕሽን በጻፉት ፍርድ የሚታየው የቃሉ ትርጉም ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ በተጨባጭ ያስከተለው ነገር ነው፤ ስንት ሰው አነበበው፣ አንባቢዎቹስ እነማን ናቸው፣ ከሳሹ በእነሱ ዘንድ ምን ስም ነበረው?

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ «800 ቅጂ ትንሽ ነው» ብሎ ይሰናከላል። 800 ቅጂ ለታላላቆቹ የእንግሊዝ ጋዜጦች ምንም አይደለም። እነዚያ 800 ሰዎች የእድሩ አባላት፣ የምግብ ቤቱ ደንበኞችና በልደት በሠርግ የሚገናኙ ሰዎች ሲሆኑ ግን አቶ ሀ የሚኖሩበት ዓለም በሙሉ እነሱ ናቸው። የላሾ ፍርድ ቁጥሩን ብቻ እንድንቆጥር አላዘዘም፤ አንባቢው ማን እንደሆነ እንድንጠይቅም አዟል። ስለዚህ መልሱ ጠበቃው የሚሰበስበውን ማስረጃ መናገር አለበት። ከእድሩ የለቀቁ ሰዎች ምን ብለው ለቀቁ? የምግብ ቤቱ ገቢ ከዜናው በፊትና በኋላ ስንት ነበር? ለቅሶ ቤት ውስጥ ፊት ያዞረባቸው ሰው ምስክር ሆኖ ይቀርባል?

ድረ ገጹን በተመለከተ ሌላ ወጥመድ አለ። «ኢንተርኔት ላይ ስለወጣ ዓለም ሁሉ አንብቦታል» የሚለው አባባል በችሎት አይሠራም። ይህን የወሰነው ፍርድ የኢትዮጵያ አንባቢ ስሙን በሚያውቀው ሰው መዝገብ የተሰጠ ነው። ሼህ መሐመድ ሁሴን አላሙዲ በብሪሳር ላይ ባቀረቡት ክስ የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2006፣ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሰው አንብቦታል ተብሎ አይገመትም፤ ከሳሹ ማስረዳት አለበት አለ። ጥንቁቅ ተማሪ ይህን ሲጠቅስ ሁለት ነገር አብሮ ይናገራል። አንደኛ፣ ፍርዱ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ በላይ ያሉትን ችሎቶች አያስገድድም። ሁለተኛ፣ ከ2013ቱ አዋጅ በፊት የተሰጠ ነው። ቢሆንም ላሾ ጉዳቱን በተጨባጭ ማስረዳትን ከጠየቀ ወዲህ ሐሳቡ በረታ እንጂ አልደከመም። በእኔ ግምት አንድ ተማሪ በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ከጻፈ፣ አሥር ፍርድ በስም ብቻ ከዘረዘረው ይበልጣል።

አቶ ሀ ጉዳታቸውን አስረዱ እንበል። አሁን ሸክሙ ወደ ጋዜጣው ይዞራል።

ቀላሉን በቶሎ እንለፈው። አንቀጽ 2 እውነትን መከላከያ ያደርጋል፤ የተጻፈው በዋና ይዘቱ እውነት መሆኑን ማስረዳት ያለበት ግን ጋዜጣው ነው። ኮሚሽኑ ገንዘቡ የብድር መመለሻ ነው ካለ በኋላ ይህ በር ተዘግቷል ማለት ይቻላል። «እኔ አልኩ አላልኩም፤ ሁለት የኮሚቴ አባላት ነገሩኝ» ማለትም አያዋጣም፤ የሰማኸውን ሐሜት ስትደግመው እንደራስህ ቃል ይቆጠርብሃል። አንቀጽ 3 ደግሞ በቅን ልቦና የተሰጠ አስተያየትን ይጠብቃል። «ገንዘብ አውጥተው ኪራይ ከፍለውበታል» የሚለው ግን ሆነ የተባለ ድርጊት ነው እንጂ አስተያየት አይደለም። ከዚህ በላይ ቀለም ማባከን አያስፈልግም።

ሚዛኑ የተቀመጠው አንቀጽ 4 ላይ ነው፤ የፈተናው ነጥብም የሚገኘው እዚያው ነው። ይህን አንቀጽ ለመረዳት ከእሱ በፊት ስለነበረው መከላከያ ማወቅ ያስፈልጋል። አልበርት ሬይኖልድስ የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ በ1994 ከሥልጣን ወረዱ። ሰንደይ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ በእንግሊዝ እትሙ ምክር ቤቱን አሳስተዋል የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ እሳቸው በምክር ቤቱ የሰጡትን ማብራሪያ ግን አላካተተም። ከሰሱ። የዳኞች ጉባኤው ረቱ ቢላቸውም ካሳቸውን ዜሮ አደረገው፤ ዳኛው ደግሞ ዜሮውን ወደ አንድ ሳንቲም ቀየሩት። ነገሩ በ1999 የጌቶች ምክር ቤት ሲደርስ ሎርድ ኒኮልስ አዲስ መከላከያ አበጁ። ጋዜጣ የጻፈው ነገር ሐሰት ሆኖ ቢገኝም ጉዳዩ የሕዝብ ከሆነና ጋዜጣው በኃላፊነት ከሠራ ሊጠበቅ ይችላል። ይህን ለመመዘን አሥር ነጥቦች ዘረዘሩ፤ የክሱ ክብደት፣ የምንጩ ታማኝነት፣ የተደረገው ማጣራት፣ የነገሩ አስቸኳይነት፣ ሰውየው መጠየቁ፣ የእሱም ወገን መካተቱና ሌሎችም። ሰንደይ ታይምስ ራሱ በዚያ መመዘኛ ወደቀ፤ የሰውየውን ማብራሪያ ትቶታልና።

አሥሩ ነጥቦች ለማስታወስ ይመቻሉ፤ ጉዳታቸውም የመጣው ከዚያ ነው። ከታች ያሉ ችሎቶች አንዱ ነጥብ ከጎደለ ጋዜጣው ወደቀ ማለት ጀመሩ። የጌቶች ምክር ቤት በ2006 በጀሚል መዝገብ፣ ነጥቦቹ መታያ እንጂ አንድ በአንድ የሚዘለሉ መሰናክሎች አይደሉም ብሎ ማረም ግድ ሆነበት። በመጨረሻ አዋጁ መጣና በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 6 የሬይኖልድስ መከላከያ መሻሩን በግልጽ ደነገገ።

አራሚው ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሣው እዚህ ነው። «ጋዜጣው በሬይኖልድስ መከላከያ ይጠበቃል» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሞተ ሕግ ጠቅሷል። በሌላ በኩል «ሬይኖልድስ ስለተሻረ አያስፈልግም» ያለም ተሳስቷል። የተሻረው መከላከያው ነው። ፍርድ ቤቶች አዲሱን አንቀጽ ሲተረጉሙ በዚያ ዘመን የዳበረውን አስተሳሰብ አሁንም ይመለከቱታል። ከተሻረ ፍርድ ውስጥ ምኑ እንደሞተና ምኑ እንደተረፈ መለየት የመጽሐፉ ማውጫ የማይነግርህ ነገር ነው።

አዲሱ አንቀጽ የሚጠይቀው በጣም አጭር ነው። ጽሑፉ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት ነበር ወይ? ተከሳሹ ማተሙ ለሕዝብ ጥቅም ነው ብሎ አምኗል ወይ? እምነቱስ ምክንያታዊ ነበር ወይ? ከዚያ አንቀጹ ፍርድ ቤቱ የጉዳዩን ሁኔታ ሁሉ እንዲመለከት፣ ለአርታኢው ሙያዊ ውሳኔም ተገቢውን ቦታ እንዲሰጥ ያዛል። መልካም ስም ተረግጦ እንዳይቀር «ምክንያታዊ» የሚል ልጓም ገባ፤ ፕሬሱ በፍርሃት እንዳይሽመደመድ ደግሞ ለአርታኢ ውሳኔ ቦታ ተተወ።

ይህን የፈተነው መዝገብ የሴራፊን መዝገብ ነው። ተከሳሾቹ ኖቪ ቻስ የሚባል፣ በእንግሊዝ ለሚኖሩ ፖላንዳውያን የሚታተም ጋዜጣ አዘጋጆች ነበሩ። በ2015 በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ስለሚታወቅ አንድ ነጋዴ ረጅም ጽሑፍ አወጡ። ነጋዴው ከሰሰ፤ በችሎትም ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ። የመጀመሪያው ዳኛ በ2017 ክሱን ውድቅ ሲያደርጉ ከተጻፈው ከፊሉን እውነት ነው፣ ከፊሉን ደግሞ እውነት ባይሆንም አንቀጽ 4 ይጠብቀዋል አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2019 ይህን ገለበጠ። ጋዜጠኞቹ ጽሑፉን ከማተማቸው በፊት ነጋዴውን አለመጠየቃቸው ከባድ ሆኖ ታየው፤ ከዚያም አልፎ ዳኛው ጠበቃ የሌለውን ከሳሽ ያስተናገዱበት መንገድ ችሎቱን ፍትሐዊነት አሳጥቶታል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ነገሩን አይቶ ችሎቱ ፍትሐዊ አልነበረም በሚለው ተስማማ፤ ጉዳዩም ከእንደገና እንዲታይ አዘዘ።

ፍርዱን መፈለጊያ ሳጥን ላይ የሚጽፍ ሰው የሚጽፈው [2020] UKSC 23 ብሎ ነው። ይህቺ አጭር መለያ ለሚያነባት ብዙ ትናገራለች። በቅንፍ ያለው ዓመቱ ነው፤ ቀጥሎ ያሉት ፊደላት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ያመለክታሉ፤ መጨረሻ ያለው ደግሞ ፍርዱ በዚያ ዓመት ያገኘው ተራ ቁጥር ነው። በፊደላቱ ቦታ EWCA ቢሆን ይግባኝ ሰሚው፣ EWHC ቢሆን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ፍርዱን ገና ሳትከፍት ማንን እንደሚያስገድድ ታውቃለህ። መለያውን ገልብጦ የላሾን ፍርድ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ፍርዱን ከፍቶ እንዳላነበበ በራሱ እጅ መሰከረ።

ሎርድ ዊልሰን በሴራፊን ስለ አንቀጽ 4 የጻፉት ለአቶ ሀ ጥያቄ ወሳኝ ነው። የሬይኖልድስን አሥር ነጥቦች ወደ አዲሱ አንቀጽ እንደ ማመሳከሪያ ዝርዝር ማምጣት አይገባም አሉ። ሰውየውን አስቀድሞ መጠየቅም አስገዳጅ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ሳይጠይቁ መቅረት ግን የእምነቱን ምክንያታዊነት ሲመዘን ይታያል፤ እንዲያውም ተከሳሹን ብቻውን ሊጥለው ይችላል። ጠንቃቃ አንባቢ ደግሞ አንድ ነገር ያክላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የወሰነው በችሎቱ ኢፍትሐዊነት ነው። ስለ አንቀጽ 4 የተነገረው፣ በጥብቅ ካየነው፣ ከውሳኔው ምክንያት ውጭ የተሰጠ ሐሳብ ነው። የታች ዳኞች ቢከተሉትም «ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነ» ከማለት «ጠቅላይ ፍርድ ቤት አስረዳ» ማለት ይሻላል።

አሁን ወደ ዘጋቢያችን እንመለስ። የሬሳ መሸኛ ገንዘብ ጉዳይ የእድሩን አባላት ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ የሕዝብ ጥቅም ለመሆኑ አያጠራጥርም። ዘጋቢዋ ማመኗንም እንቀበል። ክርክሩ ምክንያታዊነቱ ላይ ነው። ለእሷ የሚናገረው ነገር አለ፤ ሁለት ከውስጥ የመጡ ምንጮች አሏት፤ ሰነድም ይዛለች። በእሷ ላይ የሚናገረው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። የባንክ መግለጫው ገንዘቡ መውጣቱን እንጂ ለምን እንደወጣ አይናገርም፤ የእድሩን ቃለ ጉባኤ ብትጠይቅ ብድሩ ሊገኝ ይችል ነበር። ምንጮቿ ከአቶ ሀ ጋር በኮሚቴ ምርጫ የተጣሉ ይሁኑ አይሁኑ አላጣራችም። ጋዜጣው ወርኃዊ ነው፤ ዕለታዊ ጋዜጣ ሊያነሣው የሚችለው የአስቸኳይነት ሰበብ ለእሷ የለም። ሌባ ብሎ ለመጥራት ለሚቀርብ ክስ በዋዜማው ማታ አንድ ያልተነሣ ስልክ ማነሱ ግልጽ ነው። መጠየቅ ግዴታ አይደለም በሚለው የሴራፊን ቃል ብትደገፍም፣ ያው ፍርድ ያስከተለው ማስጠንቀቂያ ይይዛታል። እኔ አራሚ ብሆን፣ በወረቀት እትሙ ላይ ጋዜጣው ይረታል ያለውንም አይረታም ያለውንም ተማሪ አሳልፋለሁ። «ሁለቱም ወገን የሚሉት አላቸው» ብሎ ያለ ውሳኔ የወጣውን ግን አላሳልፍም። የእኔ ሐሳብ ጋዜጣው በጥቂቱ ይወድቃል ነው።

ከአራት ወር በኋላ ያለው የድረ ገጹ ነገር ግን እንዲህ አያከራክርም። በ2019 ካሮል ካድዎላደር የተባለች የእንግሊዝ ጋዜጠኛ በቴድ መድረክ ባደረገችው ንግግር የብሬግዚት ዘመቻን በገንዘብ ስለደገፈው ነጋዴ አሮን ባንክስ ተናገረች፤ ሰውየው ከሰሰ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2022 ንግግሩ ሲወጣ ማመኗ ምክንያታዊ ነበር አለ። ሆኖም በሚያዝያ 2020 የምርጫ ኮሚሽኑ የወንጀል ማስረጃ አለመገኘቱን ከተቀበለ በኋላ ያ መከላከያ ሊቀጥል አልቻለም፤ ንግግሩ ግን ድረ ገጹ ላይ እንዳለ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 ከዚያ ቀን በኋላ ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ናት አለ፤ ካሳውም 35 ሺህ ፓውንድ ሆነ። አንድ ጽሑፍ በወጣበት ቀን ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ እውነቱ ሲገለጥ ዝም ብሎ መቀመጡ ኃላፊነት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ለድረ ገጽ አዘጋጆች ከዚህ መዝገብ በላይ የሚጠቅም ንባብ አላውቅም። ጋዜጣው የኮሚሽኑን ግኝት የሚጠቅስ ሁለት መስመር ከዜናው አናት ላይ ቢጨምር ኖሮ የክሱ መልክ ይለወጥ ነበር።

አቶ ሀ ግን እዚህም ቢሆን ሳያስረዱ አይረቱም። ከኮሚሽኑ ግኝት በኋላ ድረ ገጹን ስንት ሰው ከፈተው? ያ ንባብ ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳት አድርሷል ወይ? የባንክስ ክርክር ዋና መጋጠሚያ ይህ ነበር፤ ከላይ ያነሣነው የብሪሳር ፍርድም የሚያገለግለው እዚህ ነው። ሌላው ጊዜ ነው። በእንግሊዝ የስም ማጥፋት ክስ የይርጋ ዘመን አንድ ዓመት ነው፤ የ2013ቱ አዋጅ አንቀጽ 8 ደግሞ ያው አሳታሚ ያንኑ ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ በማቆየቱ ዓመቱ በየቀኑ እንደ አዲስ እንዳይቆጠር አድርጎታል። አራቱ ወር ካለፈ አቶ ሀ የቀራቸው ስምንት ወር ነው። ይህን የረሳ መልስ፣ ሌላው ሁሉ ያማረ ቢሆን፣ ደንበኛውን ባዶ እጁን ይሰደዋል።

ሚዛኑ ራሱ ከየት መጣ ለሚል፣ የ1998ቱ የእንግሊዝ የሰብአዊ መብቶች አዋጅ የአውሮፓን ስምምነት አንቀጽ 8 እና 10 አስገብቷል። የመጀመሪያው የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ መልካም ስምም በእሱ ጥላ ሥር ይታያል። ሁለተኛው ሐሳብን የመግለጽ መብት ነው። የጌቶች ምክር ቤት በ2004 ከሁለቱ አንዱም በራሱ ቀዳሚ አይደለም፤ በያዝነው ጉዳይ የእያንዳንዱ ክብደት ተለይቶ ይታይ ብሏል። ይህን ሲጠቅሱ የዚያ መዝገብ ጉዳይ ስም ማጥፋት ሳይሆን በአንድ ሕፃን ምክንያት የወንጀል ችሎት ዘገባን ስለመገደብ እንደነበረ መናገር ያስፈልጋል። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 24 ለክብርና ለመልካም ስም፣ አንቀጽ 29 ለሐሳብና ለፕሬስ ነፃነት ቦታ ሰጥቶ፣ በዚያው በ29 ውስጥ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ሕጋዊ ገደብ ሊደረግ እንደሚችል ይናገራል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ስም ማጥፋትን ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ይዞታል። የሎንዶኑን ጥያቄ በእነዚህ መመለስ ግን አይቻልም፤ ንጽጽር ካልተጠየቀ በቀር ባይነሡ ይሻላል።

ለአሜሪካው የሰሊቫን ፍርድም ነገሩ ይኸው ነው፤ ተማሪዎች ግን ይወዱታል። በ1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የመንግሥት ባለሥልጣን ስሜን አጠፋ ብሎ ጋዜጣን ለመርታት ጋዜጣው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ደንታ ሳይሰጠው ማሳተሙን ማስረዳት አለበት አለ። ሸክሙ በሙሉ ከሳሹ ላይ ወደቀ። ይህ ፍርድ እንግሊዝ ውስጥ አስገዳጅነት የለውም። እንዲያውም ሎርድ ኒኮልስ በሬይኖልድስ ለፖለቲካዊ ዘገባ ሁሉ የሚሆን አንድ ወጥ ጥበቃ እንዲሰጥ ሲጠየቁ እንቢ ብለዋል።

ሰሊቫን በዚህ ፈተና ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ጥያቄው አንድ መስመር ቢጨመርበት ነው፦ «የጋዜጣው አዘጋጅ የሚኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው።» ያኔ የ2013ቱ አዋጅ አንቀጽ 9 ይነሣል። ተከሳሹ በዩናይትድ ኪንግደም የማይኖር ከሆነ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የሚያየው፣ ጽሑፉ ከወጣባቸው አገሮች ሁሉ ለክሱ እንግሊዝ በግልጽ የተሻለች ቦታ ስትሆን ብቻ ነው። 800ው ቅጂ ለንደን ስለተሸጠና አቶ ሀም ስማቸው ያለው እዚያው ስለሆነ ይህን ሊያልፉት ይችላሉ። የተፈረደላቸውን ገንዘብ ለማስከፈል ግን አትላንቲክን መሻገር አለባቸው። በ2011 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአላሙዲ እና ክፍሌ መዝገብ፣ አሜሪካ በሚኖር ኢትዮጵያዊ የድረ ገጽ አዘጋጅ ላይ 175 ሺህ ፓውንድ ካሳ ወስኗል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ2010 የወጣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን፣ የውጭ አገር የስም ማጥፋት ፍርድ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ያህል ለንግግር ጥበቃ ከሌለውና ተከሳሹ በአሜሪካ ሕግም ተጠያቂ የማይሆን ከሆነ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት ይከለክላል። አቶ ሀ ባለሥልጣን አይደሉም፤ ስለዚህ የሰሊቫን ጥብቅ መመዘኛ በቀጥታ ላይመለከታቸው ይችላል። የአሜሪካው ዳኛ ለንደን የፈረደውን ከመፈጸሙ በፊት የሚጠይቀው ግን፣ ዘጋቢዋ አንድ ጊዜ ደውላ መተዋ በአሜሪካ ሕግ ጥፋት ይሆናል ወይ የሚለውን ነው። አቶ ሀ ያን ክርክር የሚጀምሩት ከመጀመሪያው፣ በሌላ ጠበቃና በሌላ ወጪ ነው።